«እማዬ፣ ይህ አዲሱ ቁጥሬ ነው»፦ በዘመድ ስም ከማይታወቅ ቁጥር የሚመጣ መልእክት እንዴት ይጣራል?

ጥያቄ፦ «ትናንት ማታ በዋትስአፕ ከማላውቀው ቁጥር እንዲህ የሚል መልእክት ደረሰኝ፦ ‹እማዬ፣ ስልኬ ውኃ ገብቶበት ተበላሸ። ይህ አዲሱ ቁጥሬ ነው፤ የድሮውን አጥፊውና ይህን መዝግቢ። ስታይው ጻፊልኝ።› ልጄ ከእኔ ርቆ ነው የሚኖረው። አጭበርባሪ መሆን አለመሆኑን በምን ልለይ? እዚያው መተግበሪያው ላይ ምን ባደርግ ይሻላል? ብሎክ ካደረግሁት በኋላ ልጄ ሆኖ ቢገኝስ?»

መልስ፦ እስካሁን ምንም ካልመለሱ እንዲሁ ይቆዩ። አዲሱን ቁጥር በልጅዎ ስም አይመዝግቡት፤ የድሮውንም አያጥፉት። ከዚያ ውይይት ወጥተው ልጅዎን ቀድሞ በሚያውቁት ቁጥር ይደውሉለት። ካነሳና «እኔ ምንም አልጻፍኩም» ካለዎት ጉዳዩ እዚያው አለቀ፤ የሚቀርዎት መልእክቱን ሪፖርት አድርጎ ቁጥሩን ብሎክ ማድረግ ብቻ ነው። ካላነሳ ግን መልእክቱ እውነት ነው ማለት አይደለም፤ ወደዚህ ጉዳይ ከታች እመለስበታለሁ።

ይህን ያስቀደምኩት ብዙ ሰዎች በተቃራኒው ስለሚሄዱ ነው። መልእክቱን ደጋግመው ያነባሉ፣ አጻጻፉን ከልጃቸው አጻጻፍ ጋር ያስተያያሉ፣ ከዚያም እዚያው ላይ ጥያቄ እየጠየቁ ሰውየውን ሊያውቁት ይሞክራሉ። ሆኖም በዚያ ውይይት ውስጥ የሚያገኙት መልስ ሁሉ የሚመጣው ማንነቱ ካልተረጋገጠው ሰው ራሱ ነው። ስለዚህ ማረጋገጫው ላኪው ባልሰጠዎት፣ እርስዎ ቀድሞውኑ በነበረዎት መንገድ መምጣት አለበት።

አሁን ወደ መልእክቱ እንግባ፤ አጭር ቢሆንም እያንዳንዱ ቃል የራሱ ሥራ አለው። በመጀመሪያ «እማዬ» ይላል እንጂ የእርስዎንም ሆነ የልጅዎን ስም አይጠራም። ይህ ዓይነቱ መልእክት አንድ ጊዜ ተጽፎ ለብዙ ቁጥሮች የሚበተን በመሆኑ ላኪው የማንን እናት እንዳገኘ ገና አያውቅም፤ ስሙን እንዲነግሩት የሚጠብቀው ከእርስዎ ነው። ለምሳሌ ልጅዎ ዳዊት ቢባልና እርስዎ «ዳዊት ነህ?» ብለው ቢጽፉ መልሱ «አዎ እማ፣ እኔ ነኝ» ይሆናል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዳዊት የሚለውን ስም እንደራሱ ይጠቀምበታል። «የትኛው ልጄ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እሱም ቢሆን ከአንድ በላይ ልጅ እንዳለዎት ይነግረዋል። ብዙውን ጊዜ ምላሹ «እንዴት ልጅሽን ትረሻለሽ?» የሚል ቅሬታ ነው፤ እናት አፍራ ስሙን ራሷ እንድትናገር የሚያደርግ ቅሬታ።

ቀጥሎ «ስልኬ ውኃ ገብቶበት ተበላሸ» ይላል። ይህ ዓረፍተ ነገር ሊነሡ የሚችሉ ጥርጣሬዎችን አስቀድሞ ይዘጋል፤ የድሮው ቁጥር ለምን እንደማይነሳ፣ ፎቶውና የድሮው ውይይት ለምን እንደሌለ፣ ኋላም «ማይክሮፎኑ ስለማይሠራ መደወል አልችልም» ሲል ለምን እንደሆነ ምክንያት ይሆነዋል። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ስንጥቅ አለ። የስልክ ቀፎ መበላሸት ቁጥር መቀየርን አያስገድድም። ሲም ካርዱ ወጥቶ ሌላ ቀፎ ላይ ሊገባ ይችላል፤ ሲሙ ራሱ ቢጠፋም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቁጥር ምትክ ይወጣለታል። ስለዚህ «ስልኬ ተበላሸ» እና «ቁጥሬ ተቀየረ» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲሆኑ መልእክቱ አንዱ የሌላው ውጤት እንደሆነ አድርጎ ያቀርባቸዋል።

ሦስተኛውና በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው «የድሮውን አጥፊውና ይህን መዝግቢ» የሚለው ነው። የድሮውን ካጠፉ እውነተኛውን ልጅዎን የሚያገኙበትን መስመር በገዛ እጅዎ ቆረጡ ማለት ነው። አዲሱን በልጅዎ ስም ሲመዘግቡ ደግሞ በስልክዎ ላይ ጥቂት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው እያንዳንዱ መልእክት ከላዩ ላይ የልጅዎን ስም ይዞ ይመጣል፤ ይህም ስም ላኪው የጻፈው ሳይሆን እርስዎ የሰጡት ነው፤ ዓይን ግን ያንን ልዩነት ቶሎ ይረሳዋል። ዋትስአፕ ለማይታወቅ ቁጥር የሚያሳየው «በአድራሻ ዝርዝርዎ ውስጥ የለም» የሚል ማሳሰቢያም ይጠፋል። በተጨማሪም የፕሮፋይል ፎቶዎንና ስታተስዎን የሚያዩት የመዘገቧቸው ሰዎች ብቻ እንዲሆኑ አድርገው ከነበረ ያ በር ለዚህ ሰው ይከፈትለታል፤ የቤተሰብ ፎቶዎችን ተመልክቶም ቀጣዩን ወሬውን በዚያ ያበጃል።

በመጀመሪያው መልእክት ላይ ገንዘብ አለመጠየቁ ሊያዘናጋዎት አይገባም። የተለመደው አካሄድ መጀመሪያ ሰላምታና ትንሽ ጨዋታ፣ ከጥቂት ሰዓታት ወይም ከአንድ ቀን በኋላ ደግሞ ችግር ነው። «ዛሬ የግድ የምከፍለው ክፍያ ነበረብኝ፤ አዲሱ ስልክ ላይ የባንኩ መተግበሪያ እስከ ነገ አይከፈትልኝም፤ አንቺ ክፈይልኝና ነገ እመልስልሻለሁ» ይላል። የሚጠይቀው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ድፍን ቁጥር አይደለም፤ እውነተኛ የክፍያ ሰነድ እንዲመስል ከፍርፋሪ ጋር ይመጣል። የሚልክልዎት የሂሳብ ቁጥር ደግሞ በልጅዎ ስም አይደለም፤ ምክንያቱን ሲጠይቁት «ዕዳ ያለብኝ ሰው ሂሳብ ነው» ይላል። ከፋዩ እናት፣ ባለዕዳው ልጅ፣ ገንዘቡ የሚገባው ደግሞ ለማያውቁት ሦስተኛ ሰው ከሆነና ይህም «በአንድ ሰዓት ውስጥ» ከተባለ ሌላ ምልክት መፈለግ አያስፈልግዎትም። አንዴ ከተከፈለው ደግሞ «የመጀመሪያው አልገባም» ወይም «ትንሽ ጎደለ» ብሎ ተመልሶ ይመጣል።

ገንዘብ ሳይጠይቅ ኮድ የሚጠይቅም አለ። «በስህተት ስድስት አኃዝ ያለው ኮድ ወደ አንቺ ስልክ ልኬ ነበር፤ አንብቢልኝ» ካለ ያ ኮድ የእርስዎን የዋትስአፕ አካውንት በሌላ ስልክ ላይ ለመክፈት የተላከ ነው። ኮዱ ከተሰጠው በቀጣዩ ቀን ለእህትዎና ለጎረቤትዎ የሚጽፈው በእርስዎ ስምና በእርስዎ ቁጥር ይሆናል። ልጅም ሆነ ሌላ ዘመድ በእርስዎ ስልክ የገባ ኮድ የሚያስፈልገው እውነተኛ ምክንያት የለም።

አሁን ደግሞ እዚያው መተግበሪያው ላይ ሊያዩት የሚገባውን ልንገርዎት። መልእክቱን ከፍቶ ጽሑፉን ማንበብ ችግር የለውም፤ ሊንክ ካለበት ግን አይንኩት፣ ፋይል ካለም አይክፈቱት። ከላይ ቁጥሩን ወይም ስሙን ሲነኩ የላኪው መረጃ ይከፈታል። እዚያ ላይ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛው ከስሙ በፊት ~ የምትመስል ሞገድ ምልክት መኖሯን ነው፤ ምልክቷ ካለች ስሙን የሰጠው ላኪው ራሱ ነው ማለት ነው፤ ማንም ሰው የፈለገውን ስም መጻፍ ስለሚችል «ዳዊት» ቢልም ምንም አያረጋግጥም። ሁለተኛው የጋራ ግሩፕ መኖር አለመኖሩ ነው። ልጅዎ በቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ካለ ዋትስአፕ ቁጥር ሲቀየር የሚሠራበት Change number የሚባል አገልግሎት አለው፤ ባለቤቱ በዚያ ከቀየረ ግሩፑ ውስጥ እንዳለ ይቀጥላል፣ ቁጥሩ መቀየሩም እዚያው በማስታወቂያ ይወጣል። ቴሌግራም ላይም ቁጥር መቀየር አካውንቱን አይቀይርም፤ የድሮው ውይይት በነበረበት ይቀጥላል። በእርስዎ ጉዳይ ላይ ውይይቱ ከባዶ የጀመረ፣ የጋራ ግሩፕ የሌለው፣ ስለ ቁጥር መቀየርም ምንም ማስታወቂያ ያልወጣበት ከሆነ ከፊትዎ ያለው አዲስ አካውንት ነው። ልጅዎ ሁሉም ነገር ጠፍቶበት በእርግጥ አዲስ አካውንት ከፍቶ ሊሆን ስለሚችል ይህ ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ ነገር ግን ወደ ስልክ ጥሪው የሚገፋ በቂ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሌላ ሰዎች ብዙ የሚተማመኑባቸው ምልክቶች እምብዛም አይረዱም። የልጅዎ ፎቶ በፕሮፋይሉ ላይ መኖሩ ማረጋገጫ አይደለም፤ ፎቶ ከየትም ይወሰዳል። ቁጥሩ የአገር ውስጥ መሆኑም፣ አጻጻፉ የጠራ መሆኑም እንዲሁ። «አጭበርባሪ ፊደል ይሳሳታል» የሚለው ምክር ሰዎችን ሲያዘናጋ አይቻለሁ፤ በትክክል የተጻፈ መልእክት ሲመጣላቸው እንደ እውነት ይቀበሉታል።

የድሮውን ቁጥር ሲደውሉ ዝግ ቢሆን፣ ወይም ቢጠራና ባይነሳ፣ እዚያው በድሮው የዋትስአፕ ውይይት ላይ አንድ አጭር መልእክት ይተዉለት፤ ለምሳሌ «በአዲስ ቁጥር ጽፈህልኛል? ስታየው ደውልልኝ» ይበሉ። ከዚያ ከመልእክቱ ሥር ያሉትን ምልክቶች ይመልከቱ። አንድ ምልክት ከሆነ መልእክቱ ከእርስዎ ወጥቷል፣ ገና ግን አልደረሰም፤ ሁለት ከሆነ በድሮው አካውንት ላይ ደርሷል። የድሮው አካውንት መልእክት እየተቀበለ ከሆነ «የድሮውን አጥፊው» ያለበት ምክንያት ራሱ ይፈርሳል። ካልደረሰ ደግሞ ከልጅዎ ጋር ለሚኖር ወይም ለሚሠራ፣ ቁጥሩ ቀድሞውኑ በእጅዎ ላለ ሰው ይደውሉ። አዲሱ ቁጥር «ይህ የጓደኛዬ ስልክ ነው፣ እሱን ጠይቂው» ብሎ የሚሰጥዎት ቁጥር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ይህ ሁሉ ጥቂት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ይውሰድ። መልስ በመዘግየቱ እውነተኛ ልጅ አይጎዳም፤ መዘግየቱ የሚከብደው በጥድፊያ ለሚሠራው ሰው ነው።

ሌላ መንገድ ሁሉ ተዘግቶ ለአዲሱ ቁጥር መልስ መስጠት ግድ ከሆነብዎት መልሱ ስም የማይጠራ፣ ምንም አዲስ መረጃ የማይሰጥና ሥራውን ወደ ላኪው የሚመልስ ይሁን። እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «መልእክቱን አይቻለሁ። በድምፅ ሳንነጋገር ምንም አላደርግም። ደውልልኝ።» በዚህ መልስ ውስጥ የማን እናት እንደሆኑ፣ የት እንዳሉ፣ ገንዘብ ይኑርዎት አይኑርዎት የሚናገር ነገር የለም። ልጅዎ ከሆነ ከሰው ስልክ ተውሶም ቢሆን ይደውላል። አጭበርባሪ ከሆነ ለምን መደወል እንደማይችል ያብራራል፣ ይለምናል፣ ይቆጣል፣ ሲከፋም «በችግሬ ጊዜ አላመንሽኝም» ይላል። ይህን የመጨረሻውን አንብቦ ለእናት ዝም ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ የተጻፈውም ለዚሁ ነው። ከላይ ያለውን መልስ አንዴ ከላኩ በኋላ ሁለተኛ መልስ አያስፈልግም።

ቢደውልም እንኳ ጆሮዎ ብቻ ዳኛ እንዲሆን አይተዉት። ሁለት ቃል ተናግሮ «መስመሩ መጥፎ ነው» ብሎ የሚዘጋ ጥሪ፣ ወይም ተቀድቶ የተላከ የድምፅ መልእክት ማረጋገጫ አይሆንም፤ ዛሬ የሰውን ድምፅ ከአጭር ቅጂ አስመስሎ መሥራት ይቻላል። እርስዎ የሚጠይቁበትና እሱ የሚመልስበት ጥቂት ደቂቃ የሚቆይ ንግግር ያስፈልግዎታል። የሚጠይቁት ነገር ደግሞ የልደት ቀን ወይም የተማረበት ትምህርት ቤት አይሁን፤ እነዚህ በማኅበራዊ ገጾች ላይ የሚገኙ ናቸው። ይልቁንም ያልሆነን ነገር እንደሆነ አድርገው ያንሡ፤ ለምሳሌ ምንም ዕቃ ያልላኩለት ከሆነ «ባለፈው ሳምንት የላኩልህ ዕቃ ደረሰህ?» ይበሉት። ልጅዎ «የምን ዕቃ?» ይላል። እንግዳ ሰው ግን ጥያቄው ውስጥ የቀረበለትን ተቀብሎ «አዎ እማ፣ ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» የማለት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ብሎክ አድርጌው ልጄ ቢሆንስ ላሉት፣ ብሎክ ማድረግ በማንኛውም ጊዜ የሚነሳ ነገር ነው። ዋትስአፕ ብሎክ ለተደረገው ሰው ማስታወቂያ አይልክለትም፤ መልእክቱና ጥሪው ወደ እርስዎ መድረሱን ያቆማል፣ እርስዎም ከፈለጉ ከብሎክ ዝርዝር ውስጥ ያወጡታል። ልጅዎ ከሆነ ደግሞ በሌላ መንገድ ያገኝዎታል። ቅደም ተከተሉን ግን ይጠብቁ። መጀመሪያ ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ በሚታይበት ሁኔታ ውይይቱን ስክሪንሹት ያንሡ። ቀጥሎ በላኪው መረጃ ገጽ ግርጌ ላይ ያለውን Report የሚለውን ይንኩ። ሪፖርት ሲደረግ ያ ቁጥር የላከልዎት የመጨረሻዎቹ አምስት መልእክቶች ለዋትስአፕ ይደርሳሉ፤ ላኪውም ሪፖርት እንደተደረገበት አይነገረውም። እዚያው ሳጥን ላይ ብሎክ አድርጎ ውይይቱን የሚያጠፋ ምርጫ አብሮ ሊቀርብልዎት ስለሚችል ነው ስክሪንሹቱን አስቀድሙ ያልኩት፤ ውይይቱ ከጠፋ በኋላ ለባንክም ሆነ ለፖሊስ የሚያሳዩት ነገር አይኖርዎትም። መልእክቱን ማጥፋት ብቻውን ግን ምንም አይከላከልም፤ ቁጥሩ ነገም ይጽፍልዎታል። ቴሌግራም ላይም ከማይታወቅ ሰው በመጣ ውይይት ራስጌ ላይ ብሎክ የማድረጊያውና አይፈለጌ መልእክት መሆኑን የማሳወቂያው ምርጫ ይታያል።

ሰውየውን መስደብ፣ ወይም እንደተሸወዱ መስሎ ጊዜውን ማባከን የሚያስደስታቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ አልመክርዎትም። እያንዳንዱ መልስ ቁጥርዎ የሚሠራና ባለቤቱም መልስ የሚሰጥ መሆኑን ይነግረዋል፤ በንዴት መካከልም ስም፣ ቦታ ወይም የቤተሰብ ነገር ያመልጣል። ይልቅ ስክሪንሹቱን ለልጅዎ በድሮው ቁጥርና ለቤተሰብ ግሩፑ ይላኩት፤ ተመሳሳይ መልእክት ለአክስቱም መጥቶ ሊሆን ይችላል።

ይህን ከማንበብዎ በፊት ቁጥሩን መዝግበውት ከነበረ ከስልክዎ አድራሻ ዝርዝር ውስጥ ስሙን ይሰርዙት። ኮድ ሰጥተው ከነበረ ዋትስአፕን በራስዎ ስልክ ላይ እንደ አዲስ በቁጥርዎ ይክፈቱትና በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚመጣልዎትን አዲሱን ስድስት አኃዝ ያስገቡ፤ ያን ጊዜ አካውንቱን የያዘው ሌላ ስልክ ይወጣል። ያ ሰው በእርስዎ አካውንት ላይ የራሱን ተጨማሪ ፒን አስገብቶ ከሆነ ፒኑን ሳያውቁ ለመግባት ሰባት ቀን መጠበቅ ሊኖርብዎት ይችላል፤ እሱ ግን ኮዱን ባስገቡበት ቅጽበት ወጥቷል። ከገቡ በኋላ Linked devices የሚለውን ከፍተው የማያውቁት መሣሪያ ካለ ያስወጡት፤ ከዚያም በአካውንት ማስተካከያው ውስጥ Two-step verification የሚለውን ከፍተው የራስዎን ባለ ስድስት አኃዝ ፒን ያበጁ።

ገንዘብ ልከው ከነበረ ግን ከሁሉም በፊት ባንክ ነው። በካርድዎ ጀርባ ወይም በባንኩ መተግበሪያ ውስጥ ባለው ቁጥር ይደውሉ እንጂ በመልእክት በመጣልዎት ቁጥር አይደውሉ፤ ክፍያው በማጭበርበር የተፈጸመ መሆኑን ተናግረው እንዲያስቆሙት ወይም ከተቀባዩ ባንክ እንዲያስጠይቁት ይጠይቁ። ገንዘቡ ተቀባዩ ሂሳብ ላይ የሚቆየው ጥቂት ጊዜ ስለሆነ «ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» ማለት ዕድሉን ያጠባል። የተላከበትን ሰዓት፣ መጠኑን፣ የተቀባዩን ስምና የሂሳብ ቁጥር ከስክሪንሹቱ ጋር ይዘው ለፖሊስ ያመልክቱ፤ ባንኩም የማመልከቻውን ቁጥር ሊጠይቅዎት ይችላል። በሚቀጥሉት ቀናት «የተወሰደብዎትን ገንዘብ አስመልሳለሁ፤ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ይላኩ» የሚል ሰው ቢጽፍልዎት፣ አንዴ የከፈለ ሰው ቁጥር ከአጭበርባሪ ወደ አጭበርባሪ ስለሚተላለፍ፣ እሱንም በዚያው ቅደም ተከተል ስክሪንሹት አንሥተው፣ ሪፖርት አድርገው ብሎክ ያድርጉት።